ሁለት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ውሎችን ማነጻጸር፦ የወለድ አደማመርና ውሉን ቀድሞ የማፍረስ ዋጋ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በኦሎምፒያ በኩል ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው የበርካታ ባንኮችን ቅርንጫፎች ያልፋል። ገንዘቡን ለአንድ ዓመት በጊዜ ገደብ ሊያስቀምጥ ቢገባና ከሁለቱ ዋጋ ቢጠይቅ፣ ሁለት የተለያዩ የወለድ መጣኔዎች ይነገሩታል። አብዛኛው ሰው ትልቁን ቁጥር ይመርጣል። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው የመጣኔው ቁጥር የውሉ አንድ ክፍል ብቻ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ክፍል ወለዱ መቼና የት እንደሚደመር፣ ሦስተኛው ደግሞ ገንዘቡ ከጊዜው በፊት ቢወጣ ምን እንደሚሆን የሚናገረው አንቀጽ ነው። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚፈረመው የመጨረሻው ነው፤ በብር ሲለካ ግን ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንከተል። በ2017 ዓ.ም በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ነዋሪዎች ከቦታቸው መነሣታቸውን ታውቃላችሁ። እንዲህ ካለ አካባቢ የተነሣች፣ 500,000 ብር በእጅዋ ያለ አንዲት የቤት ባለቤት እንበል። ገንዘቡ ለቤት መሥሪያ ነው፤ ግንባታው መቼ እንደሚጀመር ግን እርግጠኛ አይደለችም። ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በዘጠነኛው ወር የብረትና የሲሚንቶ መግዣ ሊያስፈልጋትም ይችላል። ሴትዮዋም ሁለቱ ውሎችም ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የውሎቹ አንቀጾች ግን በባንክ አሠራር የታወቁ ዓይነቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ውል፣ «ሀ» እንበለው፣ በዓመት 13 በመቶ ነጠላ ወለድ ይሰጣል፤ ወለዱ የሚከፈለው በዓመቱ መጨረሻ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ከወጣ ባንኩ ለቆየበት ጊዜ በተራ ቁጠባ መጣኔ ያስባል። ሁለተኛው ውል «ለ» 12.5 በመቶ ይሰጣል፤ ወለዱ በየወሩ ከዋናው ገንዘብ ጋር ይደመራል። ገንዘቡ ቀድሞ ከወጣ ግን ምንም ወለድ አይከፈልም፤ እስከዚያ የተደመረውም ተመልሶ ይቀነሳል።

በመጀመሪያ ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ቢቆይ ምን እንደሚሆን እንይ። በ«ሀ» ስሌቱ ቀላል ነው፤ የ500,000 ብር 13 በመቶ 65,000 ብር ነው። በ«ለ» ደግሞ ዓመታዊውን መጣኔ ለ12 ወር እናካፍላለን፣ አንድ እንደምርበታለን፣ ውጤቱን 12 ጊዜ በራሱ እናባዛለን፣ በመጨረሻም አንዱን እንቀንሳለን፦

```
(1 + 0.125/12)^12 - 1 = 0.1324
```

ይህ 13.24 በመቶ ማለት ነው፤ በብር 66,208 ይሆናል። እንግዲህ በቃል ያነሰው መጣኔ በተግባር በ1,208 ብር በለጠ። በአሜሪካ ባንኮች ይህን ዓይነቱን እውነተኛ ዓመታዊ ትርፍ ለደንበኛው እንዲገልጹ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ያስገድዳቸዋል። እናንተ ግን ማንም ባይነግራችሁ በስልካችሁ ማስያ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የአደማመሩ ድግግሞሽ ግን ከተገቢው በላይ እንዳያስደንቃችሁ። ያው 12.5 በመቶ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደመር 62,500 ብር ያስገኛል። በየሦስት ወሩ ቢደመር 65,491 ብር፣ በየወሩ ቢደመር 66,208 ብር፣ በየቀኑ ቢደመር ደግሞ ወደ 66,560 ብር ይሆናል። ከዓመት ወደ ሦስት ወር ሲወረድ ወደ 3,000 ብር ገደማ ይጨምራል፤ ከወር ወደ ቀን ሲወረድ ግን ጭማሪው 350 ብር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «በየቀኑ ይደመራል» የሚለው ቃል የመጣኔ ልዩነትን የሚያካክሰው በጥቂቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል በጥንቃቄ ይነበብ። «ወለድ በየወሩ ይከፈላል» ማለትና «ወለድ በየወሩ ከዋናው ጋር ይደመራል» ማለት አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው አነጋገር ወለዱ ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ይዛወራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወልደው በ12.5 ሳይሆን በቁጠባ መጣኔ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር፤ ለስሌታችን ይህን 7 በመቶ እንውሰድ። የ«ለ» ወርኃዊ ወለድ 5,208 ብር ያህል ነው። ይህ ገንዘብ በየወሩ በ7 በመቶ ሒሳብ ውስጥ ቢጠራቀም በዓመቱ መጨረሻ 64,545 ብር ይደርሳል። ያ ከ«ሀ» 65,000 ብር ያንሳል። በአንድ ግሥ ልዩነት ብቻ ደረጃቸው ተገለበጠ። ስለዚህ ለቅርንጫፉ ሠራተኛ የምታቀርቡት ጥያቄ «ወለዱ በየስንት ጊዜው ነው?» የሚል ብቻ መሆን የለበትም፤ «ወለዱ የሚገባው የት ነው?» የሚልም ይሁን።

ከወለድ ገቢ ላይ ባንኩ የሚቀንሰው ግብርም አለ። በሁለቱም ውሎች ላይ በአንድ መጣኔ የሚቀነስ በመሆኑ በእጅ የሚገባውን ብር ያሳንሳል እንጂ በምሳሌያችን የውሎቹን ደረጃ አይለውጥም። ስለዚህ ለጊዜው እንተወው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። ሴትዮዋ በዘጠነኛው ወር ገንዘቡን በሙሉ አወጣች እንበል። በ«ሀ» ውል ለዘጠኝ ወር በ7 በመቶ ታስቦ 26,250 ብር ታገኛለች። በ«ለ» ውል ምንም አታገኝም። እንግዲህ ሁለቱን ልዩነቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። «ለ» እስከ መጨረሻ ከተጠበቀ 1,208 ብር ይበልጣል፤ በዘጠነኛው ወር ከፈረሰ 26,250 ብር ያንሳል።

ከዚህ ተነሥተን ውሳኔ የሚሰጥ ቁጥር ልናወጣ እንችላለን። ትንሹን ልዩነት ለሁለቱ ድምር፣ ማለትም 1,208ን ለ27,458 ብናካፍል 4.4 በመቶ እናገኛለን። ትርጉሙ ይህ ነው፦ በዘጠነኛው ወር ገንዘቡን የማውጣት ዕድሏ ከ23 አንድ ያህል ከሆነ ሁለቱ ውሎች እኩል ናቸው፤ ዕድሉ ከዚያ ከበለጠ «ሀ» ይሻላል። ቤት ልትሠራ ያሰበች፣ የምትጀምርበትን ቀን የማታውቅ ሰው ዕድሏ ከ23 አንድ ብቻ ነው ብሎ የሚናገር ማን ነው? ይህችን ስሌት በራሳችሁ ውሎች ላይ ስትሠሩ ገንዘቡ ያስፈልገኛል ብላችሁ የምትሠጉበትን ወር አስገቡ።

ቅጣት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሕንድ ስቴት ባንክ የተጠቀመበት ውል ለምሳሌ የቆየውን ጊዜ ያከብራል፤ ባንኩ በተቀመጠበት ዕለት ለዚያ ለቆየበት ጊዜ ይሰጥ የነበረውን መጣኔ ወስዶ ለአነስተኛ ተቀማጭ ግማሽ በመቶ ይቀንስበታል። በአሜሪካ ደግሞ የተለመደው የተወሰኑ ወራት ወለድ መቅጣት ነው። ይህ የመጨረሻው ለስላሳ ይመስላል፤ ግን ባሕርዩ ከወር ወር ይለያያል። የ«ለ» ቅጣት የሦስት ወር ወለድ፣ ማለትም 15,625 ብር ቢሆን ኖሮ፣ በዘጠነኛው ወር ከተጠራቀመው 48,876 ብር ተቀንሶ 33,251 ብር ይተርፋት ነበር፤ ከ«ሀ» ይበልጣል። በሁለተኛው ወር ብታወጣ ግን የተጠራቀመው ወለድ 10,471 ብር ብቻ ስለሆነ ቅጣቱ ከዋናው ገንዘብ 5,154 ብር ይበላል። በዚያው ወር «ሀ» 5,833 ብር ይሰጣት ነበር። እንዲህ ያለ ውል ሲያጋጥማችሁ ቅጣቱ ዋናውን ገንዘብ ሊነካ ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

እስካሁን ገንዘቡ በሙሉ ይወጣል ብለን ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን ከፊሉ ነው። ሴትዮዋ የምትሠጋው ለ200,000 ብር ብቻ ከሆነ ሁለት የምስክር ወረቀት ብታስጽፍ ይበጃታል፦ የማትነካውን 300,000 ብር በ«ለ»፣ የምትጠራጠርበትን 200,000 ብር በ«ሀ»። በዘጠነኛው ወር ሁለተኛውን ብቻ ብታፈርስ ከመጀመሪያው 39,725 ብር፣ ከሁለተኛው 10,500 ብር፣ በድምሩ 50,225 ብር ታገኛለች። ገንዘቡን በሙሉ በአንድ የ«ለ» ወረቀት አስቀምጣ ባንኩ ከፊሉን መክፈል ባይፈቅድላት ግን ለ200,000 ብር ስትል የሙሉውን ወለድ ታጣለች።

ሌላም መንገድ አለ፤ ተቀማጩን መያዣ አድርጎ መበደር። በ«ለ» ውል ሙሉውን አስቀምጣ በዘጠነኛው ወር 200,000 ብር ለሦስት ወር በ18 በመቶ ብትበደር የብድሩ ወለድ 9,000 ብር ነው። ከ66,208 ሲቀነስ 57,208 ብር ይቀራታል፤ ከከፈለችው ውል ይበልጣል። ነገር ግን ገንዘቡ ያስፈለጋት በሁለተኛው ወር ቢሆን ብድሩ አሥር ወር ስለሚቆይ ወለዱ 30,000 ብር ይደርሳል፤ የሚተርፋትም 36,208 ብር ነው። በዚያው ወር በከፈለችው ውል ግን 42,058 ብር ታገኝ ነበር። ስለዚህ የውሉ ማብቂያ ሲቀርብ ብድር ያዋጣል፤ ገና ሩቅ ሲሆን ከፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ብድሩ የአገልግሎት ክፍያ ካለው እርሱም ይቀነስ።

ወደ ባንክ ስትሄዱ እንግዲህ አንድ ነጭ ወረቀት ያዙ። ለእያንዳንዱ ውል ሦስት ቁጥሮች ጻፉበት፦ እስከ መጨረሻ ቢቆይ የሚገኘውን ብር፣ በምትሠጉበት ወር ቢወጣ የሚገኘውን ብር፣ በሁለተኛው ወር ቢወጣ የሚገኘውን ብር። ሠራተኛው በቃል የሚነግራችሁ የማፍረስ ሁኔታ በምትፈርሙበት ውል ላይ በጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ፤ በክርክር ጊዜ የሚታየው የተጻፈው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች በጥቂት መቶ ወይም ሺህ ብር ብቻ ተለያይተው ሌሎቹ በአሥር ሺዎች ከተለያዩ፣ ምርጫችሁን የሚወስነው በመስኮቱ ላይ የተለጠፈው መጣኔ አይደለም፤ ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁ ያላችሁ እርግጠኝነት ነው።