ማክሰኞ ማታ አትላጭ፦ ለልጄ የጻፍኩት ደብዳቤ

(ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲጠራ ይህን ጻፍኩለት። እኔ ሙያዬ ጸጉር ማስተካከል ነው። ጓደኞቹ አንብበውት እኛንም ይጠቅመናል ስላሉ እዚህ እንዲወጣ ተስማምተናል።)

ልጄ፣

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንደምትቀርብ እናትህ ነገረችኝ። እሷ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ይላጭ ባይ ናት። አንተም «ማክሰኞ ማታ ተላጭቼ ፊቴን አሳርፈዋለሁ» ብለሃታል አሉ። አሳቡ ብልህ ይመስላል፤ ለአንተ ፊት ግን ከቀናቱ ሁሉ የከፋውን ነው የመረጥከው።

የእኛ ጢም ጥቅልል ነው። ከሥሩ ጀምሮ ጠምዘዝ ብሎ ነው የሚያድገው። ምላጭ ሲቆርጠው ጫፉ እንደተቀረጸ እርሳስ ይሾላል፤ ማደግ ሲጀምር ደግሞ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነት እንደ እሾህ ስለሚቆጥረው ያብጣል። ብዙ ስለት ያላቸው ምላጮች ይብሳሉ፤ አንዱ ስለት ጸጉሩን ሳብ ሲያደርገው ቀጣዩ ይቆርጠዋል፤ ቀሪው ከቆዳ በታች ይገባና እዚያው ውስጥ መውጋት ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚታየው በዚያው ሰዓት አይደለም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ማክሰኞ የተላጨኸው ሐሙስ ጠዋት አንገትህ ላይ ብጉር ሆኖ ይወጣል፤ አዲሱ ሸሚዝህ በኮሌታው ሲያሸው ደግሞ ይቀላል። ብጉሩ ቢጠፋ እንኳ ጥቁር ጠባሳው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ወንበሬ ላይ ከሚቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ አገጫቸው ሥር ይህ ምልክት አለባቸው፤ ሁሉም «ምላጩ አልተስማማኝም» ይሉኛል እንጂ ቀኑንና አቆራረጡን አይጠረጥሩም።

ስለዚህ ጢምህን አትላጨው፣ አሳጥረው። ረቡዕ ማታ ፊትህን ለብ ባለ ውኃ ታጠብና በደንብ አድርቀው፤ ከዚያ በቶንዶስ ወደ 3 ሚሊ ሜትር አውርደው። ማበጠሪያውን ማሽኑ ላይ መግጠምህን ሁለቴ አረጋግጥ፤ ረስቶ ጉንጩ ላይ መንገድ የከፈተ ስንቱን አይቻለሁ። አንገትህን ማበጠሪያውን አውልቀህ በዚያው ማሽን አጽዳው። ቆዳውን አትወጥረው፣ ማሽኑንም አትጫነው። 1 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ቁራጭ ትቀራለች፤ በዚያ ርቀት ማንም አያያትም፣ ቆዳህንም አትወጋም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአንገቱ መስመር ላይ ነው። ማንቁርትህ ላይ ሁለት ጣት አጋድመህ አስቀምጥ፤ የጢሙ ድንበር ከላይኛው ጣት በላይ ነው። ከዚያ እስከ ጆሮህ ጀርባ ድረስ ለስለስ ባለ ቅስት ውሰደው። መስመሩን የመንጋጋ አጥንት ላይ ካወጣኸው ጢምህ የተለጠፈ ገመድ ይመስላል፣ አገጭህም ይወፍራል። ይህን የምታውቀው አንገትህን ቀና አድርገህ ሳይሆን ፊት ለፊት እንደምታወራ ሆነህ መስታወት ስታይ ነው።

አሁኑኑ አንገትህ ላይ ብጉር ካለ አታፍርጠው፣ ጸጉሩንም አትንቀለው፤ ስትነቅለው አዲሱ ከውስጥ እየወጋ ይመጣል። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ያህል ያዝበት፤ የጸጉሩ ቀለበት ከላይ ከታየህ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ጫፉን ብቻ ቀና አድርገው። መግል ከያዘና ካቃጠለህ ግን ሐኪም ይየው።

ጎፈሬህን ስለ መቁረጥ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። አትቁረጠው። እናትህ ይህን ስታነብ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ካሊፎርኒያ በ2019 አሠሪዎች በጎፈሬ፣ በሹሩባና በድሬድ ምክንያት እንዳያገልሉ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ እኛ ያለንበት ሜሪላንድም በ2020 ተከተለች። ጢም ግን በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። አፍና አፍንጫ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጠም የመተንፈሻ ጭምብል የሚያስፈልገው ሥራ ከሆነ፣ ጭምብሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጢም መኖር የለበትም፤ አየር ያስገባልና። የአንተ ሥራ ላቦራቶሪ ስለሆነ ይህን ጠይቃቸው።

ጎፈሬውን እሁድ ዙሪያውን ብቻ አስተካክለው። አራት ቀን የተውኩልህ አስተካካዩ ቢያበላሸው የሚታረምበት ጊዜ እንዲኖር ነው። ግንባርህ ላይ መስመር ሲያወጣልህ የተፈጥሮውን ድንበር እንዲከተል ንገረው። ቀጥ ላድርገው ብሎ ወደ ኋላ ከገፋው በሳምንቱ ታች የቀረው ሲበቅል ግንባርህ የተቆፈረ ይመስላል።

ሐሙስ ጠዋት ፊትህን ታጠብ፤ ጢምህን ሁለት ጠብታ ቅባት ቀባው፤ ጎፈሬህን እርጥብ እንዳለ አበጥረው። ምላጩን አትንካ። ስትወጣ ደውልልኝ።

አባትህ