ድምፁ ከስልኩ ነው ወይስ ከጆሮዬ?

ስፔሻል ኦዲዮ ባለው ኢርበድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል። ደንገጥ ብሎ አንዱን ከጆሮው ይነቅልና ስልኩ ጮክ ብሎ እየተጫወተ ሰው እየረበሸ እንደሆነ ያጣራል። ስልኩ ግን ዝም ብሏል። አንዳንዱ ኢርበድ ደግሞ ከጆሮ ሲወጣ ፊልሙን ራሱ ስለሚያቆም ጥርጣሬው በቀላሉ አይጠራም። ተዋናዩ ሲናገር ድምፁ የሚመጣው ከስክሪኑ ነው፤ ፊትን ወደ ግራ ቢያዞሩት ድምፁ እዚያው ስልኩ ጋ ይቀራል፣ አሁን በቀኝ ጆሮ በኩል ይሰማል።

በተለመደው ስቴሪዮ እንዲህ አይሆንም። እዚያ የተዋናዩ ንግግር በግራም በቀኝም እኩል ስለሚለቀቅ የሚሰማው ከፊት ሳይሆን ከራስ ቅል ውስጥ፣ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ነው። አንገታችንን ስናዞርም ድምፁ አብሮን ይዞራል። በተፈጥሮ ደግሞ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም፤ ከራሳችን ጋር ተጣብቆ የሚዞር ድምፅ የራሳችን ብቻ ነው። ስለዚህ አእምሮ ምንጩን ውጭ ከመፈለግ ይልቅ ውስጥ ያደርገዋል።

አቅጣጫን የምንለየው በዋናነት በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ባለው ልዩነት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከግራችን በኩል ሰው ቢጠራን ድምፁ ራሳችንን ዞሮ ቀኝ ጆሮ ላይ ለመድረስ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ መንገድ አለበት፤ ይህም የሚፈጀው 0.64 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ሺሕኛ ክፍል ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው። ራሳችንም ድምፁን ስለሚጋርደው፣ በተለይ ቀጫጭኑ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ላይ ደከም ብሎ ይደርሳል። አእምሮ ይህችን ቅንጣት ልዩነት ይዞ «ግራ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

ችግሩ ከፊትና ከኋላ ነው። በትክክል ከፊታችን ያለ ሰውም በትክክል ከኋላችን ያለ ሰውም ድምፁ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ጊዜ ይደርሳል፤ የጊዜ ልዩነቱ በሁለቱም ዜሮ ነው። እዚህ ላይ የውጭው ጆሮ እጥፋቶች ይረዳሉ፤ ከፊት የመጣውንና ከኋላ የመጣውን ድምፅ ቃናውን በተለያየ መንገድ ይለውጡታል። ከዚያ ይልቅ የሚያስተማምነው ግን የአንገት እንቅስቃሴ ነው። ፊታችንን ትንሽ ወደ ቀኝ ስናዞር ከፊት ያለው ድምፅ ወደ ግራ ጆሮ ያደላል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ወደ ቀኝ ጆሮ። ይህን ሳናስበው ቀኑን ሙሉ እናደርገዋለን።

ይህንን በሙከራ ያሳየው ሃንስ ቫላክ የሚባል ጀርመን የተወለደና በአሜሪካ ስዋርትሞር ኮሌጅ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በ1940 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ያሳተመው ጥናት ለዛሬው ኢርበድ አያቱ ነው ቢባል አልተጋነነም። ቫላክ ስፒከሮችን ከአድማጩ ፊት በቅስት ደረደረና ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው አድማጩ ራሱን ባዞረ ቁጥር እንዲሆን አደረገ። ከዚያ ድምፁ ራስ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ግን በእጥፍ እንዲሄድ አስተካከለው፦ ሰውየው 30 ዲግሪ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ 60 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አድማጩ ምን ሰማ? ከኋላው የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ ድምፅ። ስፒከሮቹ ሁሉ ያሉት ከፊቱ ነው፤ ነገር ግን የልዩነቱ አካሄድ የኋላ ድምፅ አካሄድ ስለሆነ አእምሮው ያመነው እንቅስቃሴውን ነው። ሄድ ትራኪንግ የሚባለው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው። ድምፅን ከራስ ቅል የሚያወጣው ትልቁ ኃይል ማሚቶና ጥሩ ስፒከር ብቻ ሳይሆን ራሳችን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልዩነቱ በትክክል መለወጡ ነው።

ወደ ኢርበዱ እንምጣ። አፕል ይህን ለኤርፖድስ ፕሮ ያቀረበው በ2020 ነው፤ ሳምሰንግ በ2021 መጀመሪያ በጋላክሲ በድስ ፕሮ 360 Audio ብሎ ተከተለ፤ አንድሮይድም ከ13ኛው ትውልዱ ጀምሮ ስፔሻል ኦዲዮን በውስጡ ይዟል። አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። 5.1 በሚባለው አቀነባበር የተሠራ ፊልም ስድስት የድምፅ መስመር አለው፦ የግራ፣ የመሃል፣ የቀኝ፣ ሁለት የኋላና የጎን፣ እንዲሁም አቅጣጫ የሌለው የወፍራም ጉርምርምታ መስመር። ንግግሩ በአብዛኛው በመሃሉ ነው የሚመጣው። ሶፍትዌሩ አምስቱን መስመሮች በአንድ ክፍል ውስጥ እንደቆሙ አምስት ስፒከሮች ይወስድና እያንዳንዱ ለግራ ጆሮና ለቀኝ ጆሮ እንዴት ይደርስ እንደነበር ያሰላል፤ ከዚያ ሁሉንም ደምሮ ለሁለቱ ኢርበዶች ሁለት ድምፅ ብቻ ይልካል። ሌላው ሁሉ ስሌት ነው።

ኢርበዱ ውስጥ መዞርን የሚለካ ጋይሮስኮፕና የፍጥነት ለውጥን የሚለካ አክስለሮሜትር አሉ። ተመልካቹ ፊቱን 30 ዲግሪ ወደ ግራ ቢያዞር ይህ ቁጥር ወደ ስልኩ ይሄድና ስልኩ የመሃሉን ስፒከር 30 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዞረዋል። በተግባር ይህ ማለት የተዋናዩ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ላይ በሩብ ሚሊ ሰከንድ ገደማ እንዲቀድም፣ ግራው ላይ ደግሞ ትንሽ እንዲደበዝዝ ማድረግ ነው። የሚከብደው ፍጥነቱ ነው። ቁጥሩ በብሉቱዝ ሄዶ፣ ድምፁ ተሰልቶ፣ በብሉቱዝ እስኪመለስ ብዙ ከዘገየ ድምፁ ከራስ ኋላ እየተጎተተ የሚከተል ይመስላል። ርካሽ በሆኑ ዕቃዎች ላይ መጀመሪያ የሚጋለጠው ይኸው ነው፤ ፊትዎን ፈጠን አድርገው ሲያዞሩ ድምፁ ከቦታው ተነቅሎ ከቆይታ በኋላ ከተመለሰ ነገሩ አልተሳካም።

የት እንደሚጠቅም በአንድ ፊልም ላይ ማየት ይቻላል። በ2013 የወጣው የአልፎንሶ ኩዋሮን «ግራቪቲ» በድምፅ ቅንብርም በድምፅ ዝግጅትም ኦስካር ያገኘ ነው። መክፈቻው ከአሥር ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ ይሄዳል፤ ጠፈርተኞቹ በካሜራው ዙሪያ ይንሳፈፋሉ። በአብዛኞቹ ፊልሞች ንግግር ከመሃል ስፒከር አይነቃነቅም፤ እዚህ ግን ድምፃቸው ሰዎቹን እየተከተለ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከስክሪኑም ውጭ ይሄዳል። በተራ ስቴሪዮ ይህ ሁሉ በሁለት ጆሮዎች መካከል የሚመላለስ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሄድ ትራኪንግ ባለው ኢርበድ አንዱ ጠፈርተኛ ከግራ ትከሻዎ ኋላ ሲያወራ ዞር ብለው ቢያዩ ድምፁ ከፊትዎ ይሆናል። በእኔ ሚዛን ግን የዘወትር ጥቅሙ ከዚህ ትዕይንት ይልቅ ተራው ነገር ላይ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ድምፃቸው ከአፋቸው መውጣቱ። ረጅም ፊልም ላይ የጆሮ ድካምን የሚቀንሰው ይኸው ይመስለኛል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሳል። አውቶቡስ ውስጥ ሆነን ብናይስ? መኪናው ሲታጠፍ ራሳችንም አብሮ ይዞራል፤ ኢርበዱ ብቻውን ቢሆን «ሰውየው ፊቱን አዞረ» ብሎ ድምፁን ወደ መስኮቱ ይልከው ነበር። ስለዚህ አፕል የስልኩንም ጋይሮስኮፕ አብሮ ያነባል። ስልኩና ራስ እኩል ከዞሩ ድምፁ ከስክሪኑ አይነቃነቅም፤ ራስ ብቻ ከዞረ ድምፁ ይቀራል። ቆየት ብለው ወደ ሌላ ቦታ ሲመለከቱ ደግሞ ስርዓቱ «አዲሱ ፊት ይሄ ነው» ብሎ ድምፁን ቀስ አድርጎ ወደ መሃል ይመልሰዋል። ከጓደኛ ጋር እያወሩ ፊልሙን የሚከታተሉ ሰዎች ድምፁ ያለ ምክንያት ሲንሸራተት የሚሰሙት በዚህ ነው። ብልሽት አይደለም። ያን ሲጠሉ ሄድ ትራኪንጉን ብቻ ማጥፋት ይቻላል።

ለሁሉም ሰው እኩል አለመሥራቱ ግን እውነት ነው። ስሌቱ የተመሠረተው በአማካይ ራስና ጆሮ ላይ ነው፤ የጆሮ እጥፋት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። የፊት ድምፅ ከግንባር በላይ ወይም ከኋላ የሚሰማቸው አሉ። አፕል በ2022 ከአይኦኤስ 16 ጋር ፌስ አይዲ ያላቸው ስልኮች ካሜራ ፊትንና ሁለቱን ጆሮዎች አንሥቶ ስሌቱን ለባለቤቱ እንዲያስተካክል አድርጓል። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ድምፁ አልዋጥ ያለው ሰው መጀመሪያ ይህን ይሞክር።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ከፊልሙ ነው። ዩቲዩብ ላይ በስልክ የምናያቸው አብዛኞቹ የአማርኛ ፊልሞች ድምፃቸው ባለሁለት መስመር ስቴሪዮ ነው፤ ከሰው ሰው በፍላሽ የሚዞረውም እንዲሁ። ከሁለት መስመር የኋላ ድምፅ አይወጣም። ስልኩ ሁለት ስፒከር ከፊትዎ ያቆምልዎታል፣ ንግግሩም ከስክሪኑ ይመጣል፤ ከኋላ የሚያልፍ ሄሊኮፕተር ግን አይጠብቁ። አይፎን ላይ ለማወቅ የድምፁን ማስተካከያ ከ Control Center ውስጥ ጫን አድርገው ይያዙት፤ የሚመጣው ጽሑፍ Spatialize Stereo ካለ ፊልሙ ስቴሪዮ ነው። እዚያው Off፣ Fixed እና Head Tracked የሚሉ ምርጫዎች አሉ። Fixed ስፒከሮቹን በዙሪያዎ ያቆምና ከራስዎ ጋር እንዲዞሩ ያደርጋል፤ እየተራመዱ ወይም በጎን ተኝተው ለሚያዩ ይሄኛው ይሻላል። የሳምሰንግ ሰዎች የሚፈልጉት Galaxy Wearable መተግበሪያ ውስጥ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሦስቱን ያጣሩ፦ ኢርበዱን፣ ስልኩንና የሚያዩትን ፊልም። ኤርፖድስ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ሲገናኝ ሄድ ትራኪንጉ አይሠራም፤ የጋላክሲ በድስ 360 Audio ደግሞ የሳምሰንግ ስልክ ወይም ታብሌት ይፈልጋል። ማሸጊያው ላይ «3ዲ» ወይም «8ዲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ራስን ይከታተላል ማለት አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ ንግግር ያለበት ፊልም አስከፍተው ፊትዎን ያዙሩ፣ ድምፁ አብሮዎት ከዞረ የከፈሉት ለማሚቶ ነው። ኔትፍሊክስና ዲዝኒ ፕላስ አዘውትሮ ለሚያይ ሰው ጭማሪው ዋጋ ያወጣል። ዩቲዩብ ብቻ የሚያይ ሰው ግን ያንን ገንዘብ ጫጫታ በሚገባ የሚያጠፋ ኢርበድ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።