መሪውን አትለፉ

መስከረም ሲጠባ በአዲስ አበባ የአማተር ሯጮች ቡድኖች አዲስ ሰው ይበዛባቸዋል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አለ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ዓ.ም. አስጀምሮ የመጀመሪያውን ራሱ ያሸነፈው የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር። አብዛኛው ሰው ቲሸርቱን ለብሶ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየጨፈረ፣ ሲደክመው እየተራመደ ነው የሚጨርሰው። «ዘንድሮስ ሳልቆም እሮጠዋለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል የገባም ግን አይጠፋም። ጃን ሜዳ ላይ ልምምድ የሚሠራ አንድ ቡድን አምበል በየዓመቱ ለአዲስ አባላት በስልክ የሚልከው ረዘም ያለ መልእክት የተጻፈው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

መልእክቱ በሰላምታ አይጀምርም። የመጀመሪያው መስመር «መሪውን አትለፉ» ይላል።

አዲስ አባላት ይህን ሲያነቡ ግር ይላቸዋል። ሊሮጡ መጥተው አትሩጡ የተባሉ ይመስላቸዋልና። የአምበሉ ትእዛዝ ግን ከትልልቆቹ የተወሰደ ነው። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ በማለዳ የተገኘ ሰው ታዋቂዎቹ አትሌቶች በቀላል ልምምድ ቀን እንዴት እንደሚሮጡ ያያል፤ አንዱ ከፊት ይመራል፣ ሌሎቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው እግሩን እየተከተሉ ይነዳሉ። መሪው በዛፎቹ መካከል ሲጠማዘዝ ሁሉም ይጠማዘዛሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ጉልበት ተርፎት እንኳ አልፎ አይሄድም፤ ካለፈ ልምምዱን እንዳበላሸ ይቆጠርበታል።

በጃን ሜዳው ቡድን ከፊት የሚሮጠው ከነባር አባላት አንዱ ነው፤ አምበሉ ራሱ ከመጨረሻው ሰው ጋር ይሆናል። ከኋላ ሆኖ የሚያየው ብዙ ነገር አለ፤ ማን ትከሻውን ወደ ላይ እንደሰቀለ፣ ማን አንዱን እግሩን እያነከሰ እንደሚረግጥ፣ ማን ወሬ እንዳቆመ። ወሬ ያቆመ ሰው ለእሱ ምልክት ነው። በመጀመሪያው ወር ትክክለኛው ፍጥነት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ለመናገር የሚያስችለው ነው። ሁለት ቃል ብሎ አየር የሚስብ ሰው ፈጥኗል ማለት ነው፤ አምበሉ ከኋላ ሆኖ በጥያቄ ይፈትነዋል። «ትናንት ምን በላህ?» ይለዋል። መልሱ «ሽሮ» ብቻ ከሆነ ሰልፉ ፍጥነት ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥንቃቄ ተጨማሪ ምክንያት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ነዋሪው ለምዶታል። ለዘመን መለወጫ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን መጥቶ እግረ መንገዱን ቡድኑን የሚቀላቀል ሰው ግን እዚያ በቀላሉ ይሮጥ የነበረውን ፍጥነት እዚህ ሲሞክር በአምስተኛው ደቂቃ ጉልበቱ ይከዳዋል። አምበሉ እንዲህ ያለውን እንግዳ የፈለገውን ያህል ሯጭ ቢሆን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከጀማሪዎቹ ጋር ያሰልፈዋል። ቅር የሚላቸው አሉ።

ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ እና ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ረቡዕና ዓርብ የተዘለሉት እንዲሁ አይደለም። ከአባላቱ ብዙዎቹ ጿሚ ናቸው፤ ሮጦ እስከ ቀትር ያለ ምግብና ያለ ውኃ መቆየት ለጀማሪ ከባድ ነው። በልምምድ ቀናት ደግሞ ባዶ ሆድ የሚያዞረው ሰው አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ በልቶ እንዲመጣ፣ ቁርሱን ግን ለኋላ እንዲያቆይ መልእክቱ ይመክራል።

ሁሉም ቀን በአሥር ደቂቃ ፈጣን እርምጃና ሰውነት ማሟሟቂያ ይጀምራል። ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ደቂቃ ይሮጣል፣ ሁለት ደቂቃ ይራመዳል፤ ይህ አምስት ጊዜ ይደገማል። በሁለተኛው ሳምንት አምስት ደቂቃ ሩጫ በሁለት ደቂቃ እርምጃ እየተከፈለ አራት ጊዜ፤ በሦስተኛው ስምንት ደቂቃ ሩጫ ሦስት ጊዜ። የሩጫው ደቂቃ ብቻ ሲደመር በሳምንት ከ45 ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 72 ያድጋል። አራተኛው ሳምንት ላይ ግን ወደ 57 ይወርዳል። ማክሰኞና ሐሙስ ስምንት ስምንት ደቂቃ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሮጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ 25 ደቂቃ ሳይቆሙ።

ጥያቄ የሚበዛው በዚህ አራተኛ ሳምንት ላይ ነው። ሰው እየጠነከረ ሲሄድ ለምን ልምምዱ ይቀንሳል?

መልሱ ያለው በአጥንትና በጅማት ውስጥ ነው። ልብና ደም ቶሎ ይለምዳሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጀማሪው ትንፋሹ እንደተስተካከለ ያውቀዋል፣ ሯጮቹ እንደሚሉት ኮንዲሽኑ ይመጣል። አጥንት ግን አዲስ ጫና ሲያርፍበት መጀመሪያ አሮጌውን እየቦረቦረ ያነሳል፤ አዲሱን የሚተካው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ። ስለዚህ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ባለው ጊዜ ሰውየው በጣም እንደበረታ በሚሰማው ሰዓት ቅልጥሙ ከወትሮው የሳሳ ሊሆን ይችላል። ጅማትም ከጡንቻ ይዘገያል። በጀማሪዎች ላይ ጉዳት በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን «አሁንስ ሯጭ ሆንኩ» በሚሉበት ሰሞን የሚደርሰው ለዚህ ነው።

አምበሉ ለአዲሶቹ በምሳሌነት የሚነግራቸው የአንዲት የባንክ ሠራተኛ ነገር አለ። ሁለተኛው ሳምንት አልቆ ሦስተኛው ሲገባ ሩጫው ቀለላት። ሰልፉ የሚሄድበት ፍጥነት አሰለቻትና ለማንም ሳትናገር እሑድ ጠዋት ከቤቷ ወጥታ አስፋልት ላይ ለብቻዋ 50 ደቂቃ ሮጠች። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከሳምንት በፊት የሩጫዋ ድምር 60 ደቂቃ ነበር፣ አሁን 122 ሆነ። በእጥፍ አደገ፣ ያውም በጠንካራ መሬት ላይ። በማግስቱ ምንም አልተሰማትም። ማክሰኞ ጃን ሜዳ ላይ በመጀመሪያው ዙር የግራ እግሯ ቅልጥም በውስጥ በኩል ያማት ጀመር።

አምበሉ አላስቆማትም፤ መጀመሪያ ጠየቃት። የሚያምሽን ቦታ በአንድ ጣት አሳዪኝ አላት። በአንድ ጣት ማሳየት አልቻለችም፤ ሕመሙ በቅልጥሙ ጠርዝ ላይ መዳፍ በሚያክል ርዝመት የተሰራጨ ነበር። ሌሊት ተኝተሽ ያምሻል ወይ አላት። አያምም። በዚያ እግር ብቻ ዝለዪ አላት፤ ዘለለች፣ ቅር አለው እንጂ የሚያስጮህ አልነበረም። ሰውነቷ ሲሞቅም ሕመሙ ይቀንስ ነበር። ይህ የቅልጥም አጥንት ጠርዝ ብግነት ነው፤ ጫናው ሲቀነስ ይድናል። ለሁለት ሳምንት ሩጫዋ በግማሽ ተቀነሰ፣ ሣር ላይ ብቻ እንድትሮጥ ሆነ፣ ከዚያ የሁለተኛውን ሳምንት ልምምድ እንደገና ጀመረች።

መልሶቹ ሌላ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበር። ሕመሙ በአንድ ጣት ጫፍ የሚነካ ነጥብ ከሆነ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ በአንድ እግር መዝለል የማይቻል ከሆነ አጥንቱ ሳይሰነጠቅ አልቀረም ተብሎ ይጠረጠራል፤ ሩጫ በዚያው ቀን ይቆማል፣ ሐኪም ይታያል። እዚህ ላይ መልእክቱ ሁለት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አንደኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ስንጥቁ ላይታይ ይችላል፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሕመሙ ካልለቀቀ ተመልሶ መታየት እንጂ መሮጥ አይገባም። ሁለተኛው፣ ወጌሻ ጋ ሄዶ የሚያመውን ነጥብ ማሳሸት የለም። ጥሩ ወጌሻ ለተጨማደደ ጡንቻ ይረዳ ይሆናል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ግን በመታሸት አይገጥምም፣ ይብስበታል እንጂ።

ስለ ጫማ የተጻፈው ክፍል አጭር ነው፣ ግን ጠቃሚ። ብዙ ጀማሪ ያገለገለ ጫማ ይገዛል፤ አምበሉ አይነቅፍም፣ የሚገዛበትን መንገድ ያሳያል እንጂ። ጫማውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ ከኋላ በኩል ማየት ነው። ተረከዙ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካጋደለ የፊተኛው ባለቤት አረጋገጥ ቀርጾበታል ማለት ነው፤ አዲሱንም ባለቤት ወደዚያው ይጎትተዋል። ከሶሉ በላይ ያለው ስፖንጅ ጎኑ ላይ የተጨማደደ መስመር ከበዛው፣ በአውራ ጣት ሲጫኑትም ካልተመለሰ አልቋል። ላዩ ቢያብረቀርቅም ዋጋ የለውም። መስከረም ላይ የጃን ሜዳ ሣር ገና እርጥብ ስለሆነ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያንሸራትታል፤ ጉልበት የሚጠመዘዘውም በዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ሰዓት ነው። ቡድኑ ከ12 ሰዓት በኋላ አምስት ደቂቃ ብቻ ይጠብቃል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ሳያሟሙቅ እየሮጠ ሰልፉን እንዳይከተል ተከልክሏል፤ ለብቻው ተራምዶ በሚቀጥለው ዙር ይገባል። አንዳንዶች ይህን እንደ ቅጣት ያዩታል። ነገር ግን ቀዝቃዛ እግር ይዞ ሊደርስባቸው የሚሮጥ ሰው በዚያ ማለዳ ከሁሉም የፈጠነው እሱ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ወር የተከለከለውም ይኸው ነው።

አምስተኛው ሳምንት ሲገባ አዲሶቹ አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ በተራ ከፊት ሆነው ይመራሉ፣ ለአምስት አምስት ደቂቃ። ዳገት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለኅዳሩ ሩጫ ያሰበ ሰው ይህን ወር መጀመር ያለበት በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚጨብጠው ደግሞ ጫማ ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ያማክር። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ለሚመጣ ሰው አምበሉ ወሩን አጨማዶ አይሰጠውም፤ ሦስት ደቂቃ እየሮጠ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ 10 ኪሎ ሜትሩን እንዲጨርስ፣ ሳይቆም የመሮጡን ነገር ለከርሞ እንዲያቆየው ይነግረዋል።