ክብደት ሲቀንሱ የታቀደ እረፍት ምን ይጠቅማል?

ክብደት ለመቀነስ ለወራት ምግባቸውን የሚመጥኑ ብዙዎች ጅምራቸውን የሚያቋርጡት በረሃብና በመሰላቸት ነው። ቀኑ አስቀድሞ የተቆረጠ የእረፍት ሳምንት ይህን ለማቅለል ይረዳል። እረፍቱ ግን እንደ ዒድ ወይም እንደ ፋሲካ ድግስ ሳይሆን፣ ክብደት ሳይጨምርና ሳይቀንስ ባለበት የሚያቆይ አመጋገብ ነው።

ለአብነት በአሊዩ አምባ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ የቀን ምግቡን ከሦስት እንጀራ ወደ ሁለት አወረደ እንበል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ለአንድ ሳምንት ግማሽ እንጀራ ይጨምራል። የቀነሰውን ሁሉ አይመልስም፤ የቀለለ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ያንሳልና።

በእረፍቱ የመጀመሪያ ቀናት ሚዛኑ ከፍ ቢል አያስደነግጥም፤ በአብዛኛው ውኃ ነው፣ ወደ ቀድሞው መጠን ሲመለስም ይወርዳል። ሳይወርድ ከቀረ ግን እረፍቱ ድግስ ሆኖ እንደነበር ያመለክታል።

በአውስትራሊያ 51 ወንዶች የተሳተፉበትና በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በየሁለት ሳምንቱ ያረፉት የበለጠ መቀነሳቸውን አሳይቷል። በኋላ የተደረገ ሌላ ጥናት በስብ መቀነስ ልዩነት ባያገኝም፣ ያረፉት ረሃብ ቀሎላቸው ነበር። ዋጋው ጊዜ ነው፤ እረፍት በተጨመረ ቁጥር ግቡ ይዘገያል።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ግን የምግባቸውን መጠን ከመለወጣቸው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር አለባቸው።