ሦስት ንባብ፣ አንድ ክብ፦ ከስትሬን ጌጅ ሮዜት እስከ ስትረስ

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ምዕራብ ቆላውን ሲወርዱ ተከዜ ይገኛል። ወንዙን የሚገታው ቅስት የኮንክሪት ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን፣ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይል ማመንጫው 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በእንዲህ ዓይነት ማመንጫ ውኃው በግፊት በተሞላ መስመር ወደ ተርባይኑ ይወርዳል። የብረት ቧንቧ ወደ ሁለት በሚከፈልበት ቦታ ብረቱ ወዴት አብዝቶ እንደሚወጠር በዓይን አይታይም። ይህን ለማወቅ የሚለጠፈው መለኪያ ስትሬን ጌጅ ሮዜት ይባላል።

ስትሬን ጌጅ በስስ ፕላስቲክ ላይ የተዘረጋ፣ እየተመላለሰ የሚታጠፍ ቀጭን የብረት መስመር ነው። ከቧንቧው ጋር በሙጫ ስለሚጣበቅ ብረቱ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል፤ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱም ይጨምራል። ለውጡ እጅግ ጥቂት ነው። ባለ 120 ኦም ጌጅ በ420 ማይክሮስትሬን የሚጨምረው 0.1 ኦም ገደማ ብቻ ነው። አንድ ማይክሮስትሬን ማለት አንድ ሜትር ብረት በአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር መርዘሙ ነው።

አንድ ጌጅ የሚያውቀው የተዘረጋበትን አቅጣጫ ብቻ ነው። በብረቱ ገጽ ላይ ግን የማይታወቁት ሦስት ናቸው፤ ትልቁ ስትሬን፣ ትንሹ ስትሬን እና የትልቁ አቅጣጫ። ስለዚህ ሮዜቱ በአንድ ቦታ ሦስት ጌጆችን ይይዛል። በጣም የተለመደው ዓይነት በ0፣ በ45 እና በ90 ዲግሪ የተዘረጋው ነው። ንባቦቹን በቅደም ተከተል a፣ b እና c እንበላቸው።

ለምሳሌ ያህል a 420፣ b 390፣ c 180 ማይክሮስትሬን ቢያነቡ ስሌቱ ይህን ይመስላል፦

```
C = (a + c)/2 = 300
D = (a - c)/2 = 120
S = b - C = 90
R = √(D² + S²) = 150
```

C የሞር ክብ መሐል ነው፣ R ደግሞ የክቡ ራዲየስ። ትልቁ ዋና ስትሬን ε1 = C + R ማለትም 450፣ ትንሹ ε2 = C − R ማለትም 150 ይሆናል። አቅጣጫው የሚገኘው S ለ D ተካፍሎ ነው፤ በክቡ ላይ ያለው ማዕዘን 36.9 ዲግሪ ስለሆነ በብረቱ ላይ ግማሹ፣ 18.4 ዲግሪ ነው። ትልቁ ውጥረት ከ a ተነሥቶ ወደ b በዚህ ያህል ያዘነበለ ነው።

ስትሬንን ወደ ስትረስ ለመለወጥ የብረቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ለብረት ኢላስቲክ ሞዱለሱ E 200 ጊጋፓስካል፣ የፖይሰን ሬሾው ν 0.3 ነው። የቧንቧውን ውጫዊ ገጽ በቀጥታ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር ስለሌለ ይህ ቀመር ይሠራል፦

```
σ1 = E(ε1 + ν ε2)/(1 - ν²) = 108.8 MPa
σ2 = E(ε2 + ν ε1)/(1 - ν²) = 62.6 MPa
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 450ን በ E ብቻ ያባዛ ሰው 90 ሜጋፓስካል ያገኛል፤ ውጥረቱን ከእውነተኛው በ17 በመቶ አሳንሶ አየ ማለት ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚለጠጥ ብረት በሌላው ስለሚጠብብ፣ ሁለቱ ዋና ስትሬኖች ሁልጊዜ አብረው ወደ ቀመሩ መግባት አለባቸው።

ሌላው ስህተት ከሙቀት ይመጣል። ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 12 ማይክሮስትሬን ይረዝማል። ከብረቱ ጋር ያልተጣጣመ ጌጅ በተከዜ ቆላ ጠዋት ዜሮ ተደርጎ ቀን 10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በሦስቱም ንባቦች ላይ ወደ 120 ሊጨመር ይችላል። ያን ጊዜ መሐሉ C ይሄዳል፣ R እና አቅጣጫው ግን ንቅንቅ አይሉም። σ1 በሐሰት ወደ 143 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ስለዚህ አቅጣጫው እንዳለ ሆኖ ሁለቱም ስትረሶች እኩል ከጨመሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው። ማረጋገጫውም ያልተጫነ ተመሳሳይ ብረት ላይ ጌጅ ለጥፎ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው።

የሽቦ መቀያየር የበለጠ ስውር ነው። a እና c ቢለዋወጡ ዋና ስትሬኖቹ ሳይለወጡ አቅጣጫው ብቻ 71.6 ዲግሪ ይሆናል። D አሉታዊ ሲሆን ደግሞ ተራው የአርክታንጀንት ቁልፍ −36.9 ያሳያል፤ ግማሹ −18.4 የትንሹ ስትሬን አቅጣጫ ነው። የ D እና የ S ምልክትን ለየብቻ የሚያይ `atan2(S, D)/2` ይህን ያስወግዳል። a እና b ከተለዋወጡ ግን ውጤቱ 456 እና 114 ይሆናል፤ የሚታመን ይመስላል፣ ግን ስህተት ነው። ሦስት ያልታወቁ ነገሮችን በሦስት ንባብ ስንፈታ ስህተቱን የሚያጋልጥ ትርፍ መረጃ አይኖረንም።

ለዚህ መፍትሔው በ135 ዲግሪ አራተኛ ጌጅ መጨመር ነው። በማናቸውም ጭነት a + c ከ b + d ጋር እኩል መሆን አለበት። በእኛ ምሳሌ d 210 ስለሚያነብ ሁለቱም ድምሮች 600 ናቸው። ካልተስማሙ ስሌቱ ይቆማል፤ ሙጫው፣ ሽቦው ወይም ቅደም ተከተሉ ይመረመራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ብረቱ ተመልሶ ወደ ቦታው በሚገባበት ልክ ውስጥ ነው። በግድቡ ኮንክሪት ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። ኮንክሪት ጭነት ሳይጨመርበት በጊዜ ብዛት ይኮማተራል፣ በቋሚ ጭነትም ቀስ እያለ ይለጠጣል ወይም ይታመቃል። ስለሆነም የግድብ መሐንዲሶች ከጭነት የተለየ መለኪያ አጠገብ ይቀብራሉ፤ የእርሱን ንባብ ከቀነሱ በኋላም የኮንክሪቱን የጊዜ ጠባይ በስሌቱ ያስገባሉ። የብረቱን ቀመር እንዳለ ወደ ኮንክሪቱ የወሰደ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ነው እንጂ ስትረስ አይደለም።