ወዝ፣ ቅቤና የፊት ቀዳዳ

ጥቅምት 17 የእስጢፋኖስ ዕለት፣ ሐይቅ ከተማ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ከውሃው ዳር ቆማ ፊቷን በስልኳ በጣም አቅርባ አነሳችና በቴሌግራም ላከችልኝ። ዕድሜዋ 16 ነው። «አክስቴ፣ እስኪ ፊቴን እዪልኝ። ግንባሬ ያብለጨልጫል፣ ጉንጬ ደርቋል፣ አፍንጫዬ ወንፊት መስሏል። ምን ልቀባ?» ብላ ጽፋልኛለች። እኔ በቆዳ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ስለዚህ የእሷኑ ፎቶ ይዤ፣ ከፎቶ ምን ማንበብ እንደሚቻልና ንባቡ የት ላይ እንደሚያቆም ላሳያችሁ።

ከግንባሯ እንጀምር። ወዝ የሚመነጨው ከፀጉር ሥር ጎን ካሉ ትናንሽ ዕጢዎች ነው። እነዚህ ዕጢዎች በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ላይ ስለሚበዙ ወዛም ፊት መጀመሪያ የሚታወቀው በእነዚህ ቦታዎች ነው። በ16 ዓመት ዕድሜ ደግሞ ዕጢዎቹ ሥራቸው ይበረታል። ሆኖም ፎቶው ላይ የምናየው ወዙን ራሱን አይደለም፤ ለስላሳ ገጽ ላይ አርፎ የተመለሰ ብርሃን ነው። ረፋድ ላይ የሐይቁ ውሃ ፀሐይዋን መልሶ ዓይን እንደሚወጋው ማለት ነው። ብርሃኑን የመለሰው ወዝ ይሁን ላብ፣ ቫዝሊን ይሁን ቅቤ ካሜራው አይለይም።

የልጅቱን ፎቶ አስፍቼ ሳየው ብልጭታው የበረታው ከፀጉሯ መነሻ አጠገብ ነበር፤ ወደ ቅንድቧ ሲወርድ እየሳሳ ይሄዳል። ወዝ እንዲህ አይሆንም፤ የግንባሩን መሐልና የአፍንጫውን ግራና ቀኝ ይይዛል። «ፀጉርሽን ቅቤ ተቀብተሻል እንዴ?» አልኳት። ለበዓሉ እናቷ ቀብታት ነበር። ፀሐይ ያቀለጠው ቅቤ ወደ ግንባሯ ወርዶ ነው ወዛም ያስመሰላት። ላብ ቢሆን ኖሮ ፎቶው ሲሰፋ ተለያይተው የተቀመጡ ጠብታዎች ይታዩ ነበር።

በብልጭታ በኩል ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ፊት ለማቅላት ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች ውስጥ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። እነዚህ ለወራት ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፤ የሳሳ ቆዳም እንደ ወዛም ቆዳ ያብለጨልጫል። ፎቶውን ብቻ አይቶ «ወዛም ነሽ፣ በሳሙና ደጋግመሽ ታጠቢ» የሚል ሰው የተጎዳውን ቆዳ ጨርሶ ይጎዳዋል። ስለዚህ ከማንኛውም ምክር በፊት ምን ስትቀባ እንደከረመች መጠየቅ አለበት።

ጉንጯ ላይ ያየችው ድርቀት እውነት ነበር። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ድርቀት አመድ የነካው ይመስላል፤ ምክንያቱም ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ተሰነጣጥቆ ሲላጥ ጠርዙ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። ነጭ ቆዳ ላይ ዋነኛ ምልክት የሚባለው መቅላት በእኛ ቆዳ ላይ፣ በተለይ በፎቶ፣ እምብዛም አይለይም። ክረምቱ ወጥቶ ነፋሱ ሲደርቅ፣ እንደ ሐይቅ ባለ ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር አካባቢ በሚገኝ ቦታ፣ ጉንጭ አመድ መምሰሉ የሚጠበቅ ነው። በተቃራኒው ግን ጉንጭ በፎቶ ላይ አመድ ስላልመሰለ ደረቅ አይደለም አይባልም። ብዙ ስልኮች ፊትን ከራሳቸው ያለሰልሳሉ፤ መጀመሪያ የሚያጠፉትም እነዚያን ጥቃቅን ቅርፊቶች ነው። ቆዳው ሲወጠርና ሲያሳክክ የሚሰማውን ስሜትማ የትኛውም ፎቶ አያሳይም።

ወደ «ወንፊቱ» ስንመጣ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ፀጉር ሥር አፍ ነው፤ ወዙም የሚወጣው በዚያው ነው። አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ ስለሌለው «እንፋሎት ይከፍተዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘጋዋል» የሚባለው ልክ አይደለም። የሚሰፋው ወዝ ሲበዛ ወይም ዕድሜና ፀሐይ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ሲያላሉት ነው። አፍንጫ ላይ የሚታዩት ግራጫ ነጥቦችም አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ያለ ወዝ እንጂ ቆሻሻ አይደሉም፤ ተጨምቀው ቢወጡም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ።

ዓይን የሚይዘው ሰፋ ያለ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን ላይሞላ ይችላል። 0.3 ሚሊ ሜትር እንበለው። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ፊት በፎቶው ላይ 3000 ፒክስል ቢይዝ ለአንድ ሚሊ ሜትር 15 ፒክስል ይደርሳል፤ ቀዳዳውም አራት ወይም አምስት ፒክስል ያገኛል። ያው ፎቶ በመልእክት ሲላክ ተጨምቆ ፊቱ ወደ 1200 ፒክስል ቢወርድ ግን የቀዳዳው ድርሻ ሁለት ፒክስል እንኳን አይሞላም። ከሁለት ነጥብ ላይ ስፋት መለካት አይቻልም። በዚህ ላይ ብርሃኑ አለ። ልጅቱ የቆመችው ጠዋት ፀሐይዋ ከጎን በምትመታበት ጊዜ ነው። ከጎን የሚመጣ ብርሃን በየጉድጓዱ ውስጥ ጥላ ስለሚጥል ትንሹን ቀዳዳ ትልቅ ያስመስለዋል።

ስለዚህ ሌላ ፎቶ እንድታነሳ ጠየቅኋት። ፊቷን በለብታ ውሃ ታጥባ፣ ምንም ሳትቀባ አንድ ሰዓት እንድትቆይ ነገርኳት። ከዚያ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ማለስለሻው ጠፍቶ፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ እናቷ በስልኩ የኋላ ካሜራ እንድታነሳት፤ ሲላክም በፋይል መልክ እንዲላክ፣ እንዳይጨመቅ። ከፎቶው በኋላ ደግሞ አንድ ሶፍት ግንባሯ ላይ፣ ሌላ አፍንጫዋ ላይ፣ ሌላ ጉንጯ ላይ ጥቂት ሰከንድ ተጭና ወደ ብርሃን አንስታ እንድታየው። ወዝ የነካው ሶፍት ብርሃን ያሳልፋል።

ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ የግንባሯ ብልጭታ የለም። የጉንጯ ቀዳዳዎች በአብዛኛው ጠፍተዋል፤ የአፍንጫዋ ግን አሉ፣ በ16 ዓመት ደንበኛ ናቸው። ሶፍቱን ያረጠበው አፍንጫዋ ብቻ ነው። የጉንጯ አመድ ከመጀመሪያው ይልቅ ጎልቶ ወጣ። በምን እንደምትታጠብ ስጠይቃት የልብስ ሳሙና መሆኑን ነገረችኝ። እሱን ትታ ፊቷ ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ጉንጯ ላይ ብቻ በስሱ እንድትቀባ መከርኳት።

በመስኮቱ ብርሃን ግን ከዚያ በፊት ያላየሁት ነገር ታየኝ። ግራ ጉንጯ ላይ የጣት አሻራ የምታህል፣ ከቀሪው ቆዳ ነጣ ያለች ደረቅ ቦታ አለች። በልጆችና በወጣቶች ፊት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ድርቀት ትቶት የሚሄድ፣ ጉዳት የሌለው መንጣት ነው። ቋቁቻም ሊሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ መጀመሪያም እንዲሁ ነጣ ብሎ፣ ላብ አጥቶ ደርቆ ሊታይ ይችላል። ሦስቱን በፎቶ መለየት አልችልም፤ ምክንያቱም ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ ስሜት ነው።

ስልክ ደወልሁ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት። እናቷ የጥጥ ጫፍ አሹላ አንዴ ቀኝ ጉንጯን፣ አንዴ ነጣ ያለችውን ቦታ ስትነካት እሷ የተነካችበትን በጣቷ ታሳያለች። አምስት ጊዜ ነካቻት፣ አምስቱንም አወቀችው። ደስ ይላል፤ ግን ፊት ላይ ስሜት ሳይጠፋም በሽታው ሊኖር ስለሚችል በዚያ ብቻ አላሰናበትኳትም። ለቆዳና ለሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለደሴም ለሐይቅም ቅርብ ነው። «አንድ ወር ቫዝሊኑን ተቀቢ፤ ቦታዋ ካልጠፋች ወይ ከሰፋች፣ ወይ ሌላ ቦታ ከወጣች፣ ፎቶ እንዳትልኪልኝ። ከእናትሽ ጋር ቦሩ ሜዳ ሂጂና በእጃቸው ዳስሰው ይዩሽ» አልኳት።