ዕድሜ በኤክሴል ስትቆጥሩ መጀመሪያ የልደት ቀኑን ሴል መርምሩ

ሰሞኑን ከቻናል ቻናል እየዞረ ያለው ፎርሙላ የልደት ቀንን ከዛሬ ቀን ቀንሶ ለ365.25 የሚያካፍለው ነው። ለጤና ጣቢያ መዝገብም፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባም ይበቃል እየተባለ ነው። አይበቃም። በፈረንጆች 15/03/2021 የተወለደ ልጅ በ15/03/2022 አንድ ዓመት ሞልቶታል። በመካከሉ ያለው 365 ቀን ስለሆነ ሲካፈል ከአንድ ያንሳል፤ ክፍልፋዩ ሲቆረጥ ኤክሴሉ ልጁን ዜሮ ዓመት ይለዋል። «የአንድ ቀን ልዩነት ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። የሞላ ዓመትና የሞላ ወር የምንቆጥረው ግን ወሰን ላይ ያለውን ሰው ለመለየት ነው። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት 9 ወር ሲሞላ ነው የሚሰጠው፤ ወሰኑ ላይ የሚሳሳት ስሌት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማካፈሉን ተዉትና እነዚህን ያዙ፦

1ኛ. የሞላ ዓመትና ከዓመቱ የተረፈውን ወር ለየብቻ አውጡ። D2 የልደት ቀን፣ E2 ደግሞ ልጁ የታየበት ቀን ነው፦

```
=DATEDIF(D2,E2,"Y")
=DATEDIF(D2,E2,"YM")
```

ይህን ስም መጻፍ ስትጀምሩ ኤክሴል እንደ ሌሎቹ አያቀርብላችሁም፤ እስከ መጨረሻው ራሳችሁ ጻፉት፣ ይሠራል።

2ኛ. E2 ላይ `TODAY()` አታስገቡ። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ዕድሜው ይለወጣል፤ ባለፈው ወር የተላከው ሪፖርት ከዛሬው ጋር አይገጥምም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከፎርሙላው በፊት ነው። የልደት ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ ኤክሴል ያንን አያውቅም፤ የተሰጠውን ሁሉ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ነው የሚያነበው። ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደች ሕፃን እንውሰድ። መዝገቡ ላይ 10/05/2016 ተብሎ ይጻፋል። የታየችበት ቀን 01/01/2025 እ.ኤ.አ. ከሆነ ትክክለኛ ዕድሜዋ 11 ወር ነው፤ ልደቷ በፈረንጆች 19/01/2024 ነውና። ኮምፒውተሩ ቀንን የሚያስቀድም ከሆነ ግን ሴሉን ሜይ 10 ብሎ አንብቦ 8 ዓመት ከ7 ወር ይላታል። ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ ኦክቶበር 5 ብሎ 8 ዓመት ከ2 ወር ያደርጋታል። በሁለቱም የስህተት ምልክት አይወጣም፤ ሕፃኗ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ዝርዝር ውስጥ ዝም ብላ ትጠፋለች።

«ሁለቱንም ቀን በእኛ አቆጣጠር ብንጽፍስ?» የሚለው መፍትሔ ይመስላል፤ ለብዙዎቹ ረድፎችም ለእውነተኛው የሚቀርብ ቁጥር ይሰጣል። ጥቅምት 30 ላይ ግን ይሰበራል፤ 30/02 የሚባል የፈረንጅ ቀን ስለሌለ ሴሉ ጽሑፍ ሆኖ ወደ ግራ ይጠጋል። ይኼኛው ቢያንስ ይታያል። የባሰው ጳጉሜን ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ተብሎ 3/13/2015 ሲገባ፣ ወርን የሚያስቀድም ኮምፒውተር ማርች 13 ብሎ ይቀበለዋል። ሴሉ ጤነኛ ይመስላል፣ `ISNUMBER` ብትጠይቁትም እውነት ነው ይላችኋል።

መፍትሔው ቀኑን በአንድ ሴል አለመጻፍ ነው። ቀኑን A2፣ ወሩን B2፣ ዓመቱን C2 ላይ ለየብቻ በእኛ አቆጣጠር አስገቡና D2 ላይ ይህን አስቀምጡ፦

```
=365*(C2-1)+INT(C2/4)+30*(B2-1)+A2-690799
```

ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸውን ወሮች ይቆጥራል፣ በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ጳጉሜን 6 ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ውጤቱን ከኤክሴል የቀን ቁጥር ጋር ያገናኛል። በ10፣ 5 እና 2016 ሞክሩት፤ 45310 ይመጣል። ሴሉን የቀን መልክ ስትሰጡት 19/01/2024 ይሆናል። የታየበትም ቀን በእኛ አቆጣጠር ከተመዘገበ እንደዚሁ ቀይራችሁ E2 ላይ አድርጉት። አንድ ገደብ አለው፦ `DATEDIF` ወሩን የሚሞላው በፈረንጆቹ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 የተወለደ ልጅ መስከረም 1 ቀን 2017 ላይ ገና 11 ወር ይባላል፤ የመጀመሪያው ሴፕቴምበር 12፣ ሁለተኛው ሴፕቴምበር 11 ነበርና። የሞላ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተፈለገ ዓመትን ከዓመት ቀንሱ፤ የልደቱ ወርና ቀን ገና ካልደረሰ ከውጤቱ ላይ አንድ አንሱ።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ጣጣ ከላይ የሚጀምር መሆኑ ነው። «የልደት ቀን» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ቅጽ ይዘጋጃል፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይጻፍበትም፣ ለወረዳው ሁሉ ይበተናል፤ ቁጥሩ ሲዛባ ግን የሚወቀሰው መዝጋቢው ነው። መዝጋቢው የተሰጠውን ሳጥን ነው የሞላው። ቅጽ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እባካችሁ ለቀን፣ ለወርና ለዓመት ሦስት ሳጥን አድርጉ፣ ከጎኑም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉበት።